ከፔንዱለም ግራፍ የሚወጣው g ሲሳሳት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በቀላል ፔንዱለም ሙከራ የፔንዱለሙን ርዝመት L እየለዋወጥን አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚወስደውን ጊዜ T እንለካለን፤ ከዚያም በመሬት ስበት የሚመጣውን ፍጥንጥነት g ከግራፉ እናወጣለን። ሁለቱን መጠኖች የሚያገናኘው ቀመር የሚከተለው ነው።

```
T² = (4π²/g) × L
```

ለማሳያ የሚሆነን መረጃ ከዚህ በታች ቀርቧል። ትንሽ የብረት ኳስ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ፣ ለእያንዳንዱ ርዝመት የ20 ውዝዋዜዎች ጊዜ በሰዓት መቁጠሪያ ከተለካ በኋላ ለ20 ተካፍሏል።

| L (ሜትር) | የ20 ውዝዋዜ ጊዜ (ሴኮንድ) | T (ሴኮንድ) | T² (ሴኮንድ ካሬ) |
|---|---|---|---|
| 0.200 | 18.6 | 0.930 | 0.865 |
| 0.400 | 25.9 | 1.295 | 1.677 |
| 0.600 | 31.5 | 1.575 | 2.481 |
| 0.800 | 36.2 | 1.810 | 3.276 |
| 1.000 | 40.5 | 2.025 | 4.101 |

ምልክት፦ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው አይሰለፉም፣ ጎብጠው ይሄዳሉ

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በቀጥ ያለው ዘንግ ላይ T² መሆን ሲገባው T ራሱ መቀመጡ ነው። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን T በግምት እጥፍ ብቻ ስለሚሆን፣ ግራፉ መጀመሪያ በፍጥነት ወጥቶ ቀስ በቀስ ይለዝባል። በእንዲህ ያሉ ነጥቦች መካከል በማስመሪያ መስመር ማስመር ይቻላል፤ ነገር ግን የመስመሩ ስሎፕ የትኛውንም የተፈጥሮ መጠን አይወክልም። መፍትሔው ቀመሩን y = mx + c ከሚለው የቀጥታ መስመር ቀመር ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነው፦ T² በ y ቦታ፣ L በ x ቦታ ሲገቡ ስሎፑ m ማለት 4π²/g ይሆናል፤ ኢንተርሴፕቱ c ደግሞ ዜሮ መሆን ይጠበቅበታል።

ምልክት፦ አንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ተነጥሎ ይገኛል

በ0.600 ሜትር የተለካው ጊዜ 31.5 ሳይሆን 29.9 ሴኮንድ ነበር እንበል። ይህ T²ን ወደ 2.23 አካባቢ ያወርደዋል፤ ነጥቡም ከመስመሩ በታች በግልጽ ተለይቶ ይታያል። አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ነጥብ ዝም ብለው ይሰርዙታል፤ ሌሎች ደግሞ መስመሩን ወደ እሱ ይጎትቱታል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ቅድሚያ የሚሰጠው ያንኑ ርዝመት መልሶ መለካት ነው። መልሶ መለካት የማይቻል ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ከቁጥሩ መገመት ይቻላል፦ 29.9 ሴኮንድን ለ19 ስናካፍል 1.574 ሴኮንድ እናገኛለን፤ ይህም በመስመሩ ላይ በትክክል ይውላል፤ ስለዚህ 19 ውዝዋዜዎች 20 ተብለው፣ አንድ ውዝዋዜ በትርፍ ተቆጥሯል ብሎ መጠርጠር ምክንያታዊ ነው። ነጥቡ በግራፉ ላይ ይቆይ፤ በክብ ምልክት ተለይቶ ከመስመሩ ስሌት ውጪ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ከጎኑ ይጻፍ።

የቀሩትን ነጥቦች በተመለከተ፣ መስመሩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ የሚያገናኝ ክር አይደለም። ከመስመሩ በላይና በታች የቀሩት ነጥቦች እኩል እንዲመዛዘኑ፣ በላይ ያሉት በአንድ ጫፍ በታች ያሉት በሌላው ጫፍ እንዳይከማቹ ተደርጎ ይሰመራል። ማስመሪያው ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ ሁሉንም ነጥቦች በአንድ ጊዜ ለማየት ያመቻል።

ምልክት፦ ስሎፑ ወይም ኢንተርሴፕቱ ፈጽሞ የማይመስል ቁጥር ይሆናል

ስሎፑ 0.0404 ከሆነ ርዝመቱ የተጻፈው በሴንቲ ሜትር ነው፤ 0.248 ከሆነ ደግሞ ዘንጎቹ ተለዋውጠዋል። ሁለቱም ቶሎ የሚገኙ ስህተቶች ናቸው። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ግን የኢንተርሴፕቱ ንባብ ነው። ወረቀት ለመቆጠብ አግድሙ ዘንግ ከዜሮ ሳይሆን ከ0.20 ሜትር ከጀመረ፣ መስመሩ ቀጥ ያለውን ዘንግ የሚቆርጠው 0.87 አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ኢንተርሴፕት አይደለም፤ L 0.20 ሜትር ሲሆን T² ስንት እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው።

መፍትሔው ኢንተርሴፕቱን ከዘንጉ ላይ ከማንበብ ይልቅ ማስላት ነው። በመስመሩ ላይ እርስ በርስ የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ይመረጡ፤ የሰንጠረዡ ነጥቦች ሳይሆኑ የመስመሩ መሆናቸው ልብ ይባል፤ ምክንያቱም መስመሩ የአምስቱንም መለኪያዎች መረጃ ሲይዝ፣ የሰንጠረዡ ነጥብ የሚይዘው የራሱን ስህተት ጭምር ነው። በእኛ መስመር ላይ (0.10፣ 0.46) እና (0.95፣ 3.89) እናነባለን።

```
m = (3.89 − 0.46) / (0.95 − 0.10) = 4.035
c = 3.89 − 4.035 × 0.95 = 0.06
g = 4π² / 4.035 = 9.78
```

የስሎፑ አሃድ ሴኮንድ ካሬ በሜትር፣ የኢንተርሴፕቱ አሃድ ሴኮንድ ካሬ፣ የ g አሃድ ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው። ሁለቱ ነጥቦች ተቀራርበው ቢመረጡ ኖሮ፣ በንባብ ጊዜ የሚፈጠረው የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ስሎፑን ክፉኛ ያዛባው ነበር።

ምልክት፦ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን በዜሮ ላይ አያልፍም

ይህ ምልክት ከሁሉም የበለጠ መረጃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። ቀመሩ ኢንተርሴፕቱ ዜሮ እንዲሆን ይጠይቃል፤ እኛ ግን 0.06 አገኘን። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ የመለካት ድንገተኛ መዋዠቅ ነው የሚል ነው። የሰዓት መቁጠሪያውን ስናስነሳና ስናቆም 0.2 ሴኮንድ ያህል ልንሳሳት እንችላለን ብንል፣ የመጀመሪያው ነጥብ T² በ0.02 ገደማ፣ የመጨረሻው ደግሞ በ0.04 ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊንቀሳቀስ ይችላል። በእነዚህ ገደቦች ውስጥ ሊሰመር የሚችለው በጣም የቆመው መስመር ኢንተርሴፕቱ 0.02፣ በጣም የተኛው ደግሞ 0.09 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ዜሮ አይገኝም፤ ስለዚህ ኢንተርሴፕቱ ትርጉም አለው ማለት ነው። ገደቦቹ ዜሮን ቢያቅፉ ኖሮ ምንም ዓይነት ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት መስመሩን ወደ ግራ አስረዝሞ T² ዜሮ የሚሆንበትን L መፈለግ ይጠቅማል። ኢንተርሴፕቱን ለስሎፑ ስናካፍል 0.0145 ሜትር እናገኛለን፤ መስመሩ አግድሙን ዘንግ የሚቆርጠውም ከዜሮ በስተግራ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እያንዳንዱ የተጻፈ ርዝመት ከእውነተኛው በዚህ ያህል አንሷል ማለት ነው። የኳሱ ዲያሜትር ሲለካ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ነገሩ ተፈታ፦ ርዝመቱ የተለካው እስከ ኳሱ አናት ድረስ ሲሆን፣ ቀመሩ የሚፈልገው ግን እስከ ኳሱ መሃል ያለውን ነው፤ የጎደለውም የኳሱ ሬዲየስ ነው። ኢንተርሴፕቱ ከዜሮ በታች ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን፣ ማለትም ርዝመቱ እስከ ኳሱ ግርጌ ድረስ መለካቱን እንጠረጥር ነበር።

በሁሉም ርዝመቶች ላይ እኩል የሆነ ስህተት መስመሩን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያዘነብለውም፤ ስለዚህ ስሎፑም፣ ከእሱ የሚወጣው gም ሳይነኩ ይቀራሉ። ግራፍ የሚሠራበት ዋና ምክንያት በእኔ አስተያየት ይኸው ነው። ከሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ብቻ g ብናሰላ 9.13፣ ከመጨረሻው ረድፍ ብናሰላ 9.63 ይመጣል፤ አምስቱን አስልቶ አማካይ መውሰድም ስህተቱን አያጠፋውም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳሳቱ ናቸውና።

ጉዳቱ የሚደርሰው «ቀመሩ በዜሮ ያልፋል ይላል» ተብሎ መስመሩ በግድ በዜሮ ላይ እንዲያልፍ ሲደረግ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች ይህን የሚያስገድደውን ምርጫ ሳያስቡ ሲነኩት ይታያል። በእኛ መረጃ ላይ ይህ ቢደረግ ስሎፑ 4.12፣ g ደግሞ 9.59 ይሆናል፤ ስህተቱን ሊነግረን የሚችለው ኢንተርሴፕትም ይጠፋል። ስለዚህ መስመሩ በነጥቦቹ መሠረት በነጻነት ይሰመር፤ ዜሮ ላይ ማለፉ ከዚያ በኋላ የሚታይ ውጤት ይሁን።

ምልክት፦ መስመሩ እንከን የለበትም፣ g ግን 10.8 ነው

ነጥቦቹ በሙሉ በመስመሩ ላይ ናቸው፣ ኢንተርሴፕቱም ተገቢ ነው፣ ውጤቱ ግን የማይታመን ነው። እዚህ ላይ ግራፉ ራሱ አይረዳንም፤ ሁሉንም T² በአንድ ዓይነት ምጣኔ የሚያበዛ ወይም የሚቀንስ ስህተት መስመሩን ቀጥ እንዳለ ትቶ ስሎፑን ብቻ ይለውጣልና። የተለመደው ምክንያት ኳሱ ሲለቀቅና ሰዓቱ ሲነሳ «ዜሮ» ማለት ሲገባ «አንድ» ብሎ መቁጠር መጀመር ነው። በዚህ ጊዜ 20 የተባሉት ውዝዋዜዎች በእርግጥ 19 ናቸው፤ T በ5 ከመቶ፣ T² በ10 ከመቶ ገደማ ያንሳል፤ g ደግሞ ከ9.78 ወደ 10.8 ይወጣል። ኳሱ በየጊዜው በሰፊ ማዕዘን፣ ለምሳሌ በ30 ዲግሪ፣ ከተለቀቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ T በ1.7 ከመቶ ገደማ ስለሚረዝም g ዝቅ ብሎ 9.45 አካባቢ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን መልቀቅ ነው።

የአቆጣጠሩን ስህተት ለማረጋገጥ በአንድ ርዝመት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል፤ አንዱን እስከ 20፣ ሌላውን እስከ 40። በ1.000 ሜትር ላይ «20» የተባለው 38.5 ሴኮንድ፣ «40» የተባለው 79.0 ሴኮንድ ቢሆን፣ የመጀመሪያው T = 1.925፣ ሁለተኛው T = 1.975 ይሰጣል። አለመስማማታቸው ራሱ ስህተቱን ያጋልጣል፤ አቆጣጠሩ ልክ ቢሆን ሁለቱ እኩል በሆኑ ነበር። ትክክለኛው T የሚገኘው ደግሞ ከልዩነታቸው ነው፦ ከ79.0 ላይ 38.5 ሲቀነስ 40.5 ሴኮንድ ይቀራል፤ ይህም በአጀማመሩ ምንም ስህተት ቢኖር የ20 ውዝዋዜዎች ጊዜ ስለሆነ T = 2.025 ሴኮንድ ይሰጣል።