አንድ አንቀጽ ውስጥ የታጨቁ ሐሳቦችን እንዴት እንለያያለን?

ትምህርት ቤት ሳለን አንድ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል ሊኖረው ይገባል ተብለን ተምረናል። ችግሩ የሚመጣው ስንጽፍ ነው። ሐሳብ ሐሳብን እየጠራ ይሄድና አንቀጹ ግማሽ ገጽ ይሞላል። አንባቢው ጨርሶት «ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁት ግን መልስ ያጣል። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ከመጀመሪያው እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። መክፈል ነው የሚያስፈልገው።

በምሳሌ እንሥራው። ስለ እንሰት የሚያወራ አንቀጽ አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሮቹን በቁጥር መለየቱን፣ አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ።

(1) እንሰት ሲያዩት ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። (2) በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከፋና በሌሎችም አካባቢዎች የሚሊዮኖች ዋና ምግብ ነው። (3) ዝናብ ሲጠፋ በቆሎ ይደርቃል፤ እንሰት ግን ግንዱ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ይቆያል። (4) ቆጮ የሚሆነው ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ከቦካ በኋላ ነው። (5) አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ ያለ ቆጮ አይታሰብም። (6) አጠውልግ የሚባለው በሽታ ተክሉን አድርቆ ይገድለዋል። (7) እንደ እህል የአጨዳ ወቅት ስለማይጠብቅ ገበሬው በቸገረው ጊዜ ቆርጦ ይበላዋል። (8) ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ ግንዱን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ በቅጠል ሸፍነው ይቀብሩታል፣ በሽታውም በቢላዋ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይተላለፋል። (9) ስለዚህ በእሳት ማሞቅ ያስፈልጋል።

አሁን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አጭር ማስታወሻ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ዘጠኝ ጊዜ «ስለ እንሰት» ይሆናል። አንቀጹም ደህና ይመስላችኋል። የርዕሰ ጉዳይ አንድነትና የሐሳብ አንድነት ግን ይለያያሉ። መጠየቅ ያለበት «ስለ እንሰት ምን ይላል?» ተብሎ ነው። ያኔ 3 እና 7 «ለክፉ ቀን ይደርሳል» ይላሉ። 4 እና የ8 የመጀመሪያ ግማሽ «እንዲህ ተሠርቶ ይበላል» ይላሉ። 6፣ የ8 ሁለተኛ ግማሽና 9 ደግሞ ስለ በሽታው አደጋ ይናገራሉ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ሐሳብ አለ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ አንድ ሐሳብ የያዙት ዓረፍተ ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ አይደሉም። 3 እና 7 መካከል ሌላ ወሬ ገብቷል። ስለዚህ አንቀጹን መሐል ላይ ቆርጦ አዲስ መስመር መጀመር ብቻውን አይበቃም። ረጅም አንቀጽ ሲያዩ ኢንተር ተጭነው የሚያልፉ ሰዎች የሚያገኙት ሁለት አጠር ያሉ የተደበላለቁ አንቀጾችን ነው። መጀመሪያ መልቀም፣ ከዚያ መደርደር ይገባል።

1፣ 2 እና 5 ቀሩ። 1 ፍሬው አይበላም ይላል። ታዲያ የሚበላው ምኑ ነው? ይህ ጥያቄ በቀጥታ ወደ አሠራሩ ስለሚወስድ 1 እዚያ ይግባ። 2 የሚሊዮኖች ምግብ መሆኑን ይናገራል፤ ለክፉ ቀን መድረሱ አንዱ ምክንያት ስለሆነ ወደዚያ ይሂድ። 5 የትም አይገባም። እውነት ነው፣ ደስም ይላል፤ ግን ከሦስቱ ሐሳቦች አንዱንም አይደግፍም። ይውጣ። ስለ ከተማ ምግብ ሌላ ጽሑፍ ስትጽፉ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቡድን ኃይለ ቃል ጻፉ። ኃይለ ቃሉ ማሰሪያ ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን። «የእንሰት ጥቅም» ርዕስ እንጂ ኃይለ ቃል አይደለም፣ ምንም አይልምና። «እንሰት ያለው ቤተሰብ ዝናብ ቢጠፋም ቶሎ አይራብም» ግን የሚደገፍም የሚሞገትም ነገር ይናገራል። ከሥሩ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ የሚወስነው እሱ ነው። ኃይለ ቃሉን ስትጽፉ ሁለት ሐሳብ በ«እና» ካልተያያዘ አልሆን ካላችሁ ቡድኑ ገና አልተለየም።

ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር 8 ነው። አማርኛ ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ሸፍነው እያለ ሥራን በሥራ ላይ ያስከትላል፤ ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ነገር ያዝላል። እነዚህ ሥራዎች የአንድ ሐሳብ ደረጃዎች ስለሆኑ አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው። «በሽታውም» ብሎ የተንጠለጠለው ግን ሌላ ሐሳብ ነው። «ይቀብሩታል» ላይ አራት ነጥብ አድርጉና በሽታውን ወደ ወገኖቹ ላኩት።

ሲላክ ደግሞ የሚበጠስ ክር አለ። በአማርኛ ባለቤቱም ተሳቢውም ግሡ ላይ ተለጥፈው ስለሚሄዱ ስሙን ሳንጠራ እናልፋለን። ዓረፍተ ነገሩ ቦታ ሲቀይር «ይቀብሩታል» ሲል የሚቀብሩት እነማን፣ የሚቀበረውም ምን እንደሆነ ይጠፋል። 9ንም ተመልከቱ፤ የሚሞቀው ምንድን ነው? ስለዚህ ከከፈላችሁ በኋላ በየአንቀጹ መግቢያ ስሙን መልሳችሁ ጥሩ። «ስለዚህ»፣ «ይህም»፣ «ደግሞ» የሚሉትንም አንድ በአንድ አረጋግጡ። ከፊታቸው የነበረው ዓረፍተ ነገር አብሯቸው ካልመጣ ውሸት ይናገራሉ።

ሁሉም ሲገጣጠም እንዲህ ይሆናል፦

እንሰት ሙዝ ቢመስልም የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። ግንዱን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ በቅጠል ሸፍነው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። እዚያ ከቦካ በኋላ ቆጮ ይሆናል።

እንሰት ያለው ቤተሰብ ዝናብ ቢጠፋም ቶሎ አይራብም። በቆሎ ሲደርቅ እንሰት ግንዱ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ይቆያል። እንደ እህልም የአጨዳ ወቅት አይጠብቅም፤ ገበሬው በቸገረው ጊዜ ቆርጦ ይበላዋል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከፋና በሌሎችም አካባቢዎች የሚሊዮኖች ዋና ምግብ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንሰትን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። በሽታው ተክሉን አድርቆ ይገድለዋል። የታመመው ተክል የተቆረጠበት ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ይተላለፋል። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት ቢላዋውን በእሳት ማሞቅ ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉንም ቀይሬያለሁ። እንሰትን የማያውቅ አንባቢ ምኑ እንደሚበላ ሳይገባው «ለክፉ ቀን ይደርሳል» ቢባል አይጨብጠውም። ለመፈተን የሦስቱን አንቀጾች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አከታትላችሁ አንብቡ። የጽሑፉ አጭር ታሪክ ሆነው ከተነበቡ ክፍፍሉ ተሳክቷል። አንዱ ከሌላው ጋር የማይነጋገር ከሆነ ወይ ቅደም ተከተሉ ወይ ኃይለ ቃሉ ተሳስቷል።

አንዳንዴ ደግሞ መክፈል ከለመደ በኋላ እጅ አይያዝም። በሁለተኛው አንቀጽ ውኃ መያዙ አንድ ነገር ነው፣ ወቅት አለመጠበቁ ሌላ። ሁለቱን እንለያቸው? እኔ አልለያቸውም። ሁለቱም «ቶሎ አይራብም» ለሚለው ምክንያት ናቸው፤ ብንለያያቸው ኃይለ ቃሉ ከአንዱ ጋር ይቀርና ሌላው ያለ ባለቤት ይንሳፈፋል። በተለይ ለስልክ የሚጽፉ ሰዎች ስክሪኑ ጠባብ ነው እያሉ ምክንያትን ከሐሳቡ ይነጥላሉ። አንቀጹ ለዓይን ረጅም ቢሆንም የሚናገረው አንድ ነገር ከሆነ እንዳለ ተዉት።