የፑሽኪን ልደት ጁን 6 ነው ወይስ ጁን 8? የዩልዮስን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ ስንመልስ የሚገጥሙን ስህተቶች

ሩሲያዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ሞስኮ ውስጥ የተወለደው ሜይ 26 ቀን 1799 ነው። ይህ ግን በዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ ድረስ የምትቆጥረው በዚያ ነበርና። በቅድመ አያቱ በጋኒባል በኩል ከአፍሪካ የሚወለድ በመሆኑ በአማርኛም ስለ እርሱ ብዙ ይጻፋል። የሕይወት ታሪክ ጽሑፎችን በማርምበት ጊዜ የዚህ ሰው ልደት ጁን 6፣ ጁን 7፣ ጁን 8፣ አንዳንዴም ጁን 17 ሆኖ አገኘዋለሁ። እያንዳንዱ የተሳሳተ ቀን መንስኤውን ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ ከምልክቱ እንነሣ።

ምልክት፦ ቀኑ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ፊት ሄዷል (ጁን 7 ወይም ጁን 8)

ጁን 7 ያገኘው ሰው በሜይ 26 ላይ 12፣ ጁን 8 ያገኘው ደግሞ 13 ቀን ጨምሯል። 13 ዛሬ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በ1799 ግን ልዩነቱ 11 ነበር።

ልዩነቱ የሚያድገው በዩልዮስ አቆጣጠር ያለ ምንም ልዩነት በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለሚሆን ነው። ጎርጎርዮስ ግን በመቶ የሚያልቁ ዓመታት ለ400 ካልተካፈሉ ያቺን ቀን ይነሣቸዋል። ስለዚህ 1700፣ 1800 እና 1900 በአንዱ 366፣ በሌላው 365 ቀን አላቸው፤ በእያንዳንዳቸውም ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። 1600 እና 2000 ለ400 ስለሚካፈሉ ምንም አልለወጡም።

መፍትሄው የሚጨመረውን ቁጥር ከዛሬ ሳይሆን ሰውየው ከተወለደበት ዘመን መውሰድ ነው። ጎርጎርዮስ ከተጀመረበት ከ1582 እስከ ፌብሩዋሪ 1700 መጨረሻ 10 ቀን ይጨመራል። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 1800 መጨረሻ 11፣ እስከ ፌብሩዋሪ 1900 መጨረሻ 12፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ 13 ነው። መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ሳይሆን የዩልዮስ ማርች 1 መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። በጃንዋሪ 1800 የተወለደ ሰው ገና 11 ነው የሚጨመርለት፤ ቆጠራው ወደ ማርች የሚሻገር ከሆነም የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ እንዳለው ተደርጎ ይቆጠራል።

ሜይ 31 ቀን ስላለው፣ 26 ላይ 11 ሲጨመር 37፣ ከዚያ 31 ሲቀነስ 6 ይቀራል። ልደቱ ጁን 6 ቀን 1799 ነው። የሞቱ ቀን ግን በሌላ ቁጥር ይሰላል፦ ጃንዋሪ 29 ቀን 1837 ላይ 12 ተጨምሮ ፌብሩዋሪ 10 ይሆናል። ለአንድ ሰው ልደትና ሞት አንድ ቁጥር መጠቀም በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም ከማያቸው ስህተቶች አንዱ ነው።

ጁን 8 ሌላም ወጥመድ አለበት። ፑሽኪን በዩልዮስ ጁን 8 ቀን ክርስትና ተነሥቷል። ስለዚህ ይህን ቀን በሰነድ ላይ ብታገኙት፣ የተሳሳተ ስሌት ነው ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት የሚናገረው ስለ ልደት ነው ወይስ ስለ ጥምቀት ብላችሁ አንብቡ።

ምልክት፦ ቀኑ በአሥር ቀናት ያህል ርቋል (ጁን 17)

እዚህ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ጸሐፊው የተቀየረውን ጁን 6 ከአንድ መጽሐፍ ወስዶ፣ ሩሲያዊ ስለሆነ ብቻ የዩልዮስ መስሎት እንደገና 11 ጨመረበት። የዚህ ዘመድ የሆነ ስህተት ደግሞ ፈጽሞ መነካት ያልነበረበትን ቀን መቀየር ነው። ፑሽኪንን በጥይት የመታው ዦርዥ ዳንቴስ ሩሲያ ውስጥ ቢያገለግልም የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1812 ነው፤ ፈረንሳይ ያኔ በጎርጎርዮስ ነበር የምትቆጥረው። አቆጣጠሩን የሚወስነው የሰውየው ዜግነት ሳይሆን መዝገቡ የተጻፈበት አገር ነው።

መዝገቡ ግልጽ ካልሆነ አስተማማኙ ፈራጅ የሳምንቱ ዕለት ነው። አቆጣጠር ሲለወጥ የቀኑ ቁጥር ይዘላል እንጂ ሐሙስ ዓርብ አይሆንም። ፑሽኪን የተወለደው በዕርገት በዓል ነው፤ ዕርገት ደግሞ ምንጊዜም ሐሙስ ይውላል። በጎርጎርዮስ ጁን 6 ቀን 1799 ሐሙስ ነው። ጁን 7 ዓርብ፣ ጁን 8 ቅዳሜ፣ ጁን 17 ሰኞ ስለሆኑ ሦስቱም ይወድቃሉ።

ይህን በራሳችን የበዓላት ማስሊያ በባሕረ ሐሳብ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የእኛና የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን በአንድ ቀን ያከብራሉና። ያ ዓመት በእኛ 1791 ዓ.ም. ነው። የስሌቱ መነሻ ቁጥር የሆነው የዓመቱ መጥቅዕ 7 ነው፤ ጥቅምት 7 ሰኞ ስለዋለ የሰኞ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 6 ተጨምሮ የበዓላቱ መነሻ የሆነው መባጃ ሐመር 13 ይሆናል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 22 ይውላል። የዕርገት ተውሳክ 18 ሲጨመር 31 ይመጣል፤ 30 ተገድፎ ዕርገት ሰኔ 1 ይሆናል። የዚያ ዘመን ሰኔ 1 የዩልዮስ ሜይ 26 ነው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ስሌቱን ማመን ይቻላል።

ምልክት፦ «ግንቦት 26 ቀን 1799 ተወለደ» የሚል ዓረፍተ ነገር

ይህ የአማርኛ ጽሑፍ ልዩ በሽታ ነው። ተርጓሚው ሜይን «ግንቦት» ብሎ ጽፎ ቁጥሩን እንዳለ ተወው። ሜይ 26 በእኛ ሰኔ 1 እንጂ ግንቦት 26 አይደለም። የውጭውን ወር በውጭ ስሙ ጻፉት፤ በእኛ መጻፍ ከፈለጋችሁ ቀኑንም ዓመቱንም አብራችሁ ቀይሩ።

የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርግ ከዩልዮስ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ የ13 ቀን ስህተት በአገራችን ታሪክም ላይ ይደርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ነሐሴ 12 ኦገስት 18 ስለሚውል ብዙዎች ኦገስት 18 ቀን 1844 ብለው ይጽፋሉ፤ በዚያ ክፍለ ዘመን ግን ኦገስት 17 ነበር። ዐድዋም እንዲሁ ነው፦ የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ሲሆን፣ ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው።

ምልክት፦ ቀኑ ተስተካክሎ ዓመቱ በአንድ ጎድሏል

ይህ በፑሽኪን ላይ አይደርስም፤ ሩሲያ ከ1700 ጀምሮ ዓመቱን ከጃንዋሪ ትጀምር ነበር። በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ግን እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ በሕግ የሚጀምረው ማርች 25 ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በድሮው አጻጻፍ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ተወለደ። 11 ቀን ብቻ የጨመረ ሰው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1731 ያገኛል፤ ትክክለኛው ግን 1732 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለ የእንግሊዝ ቀን ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ዓመቱን አጣሩ፣ ከዚያ ቀኑን ጨምሩ። «1731/2» ተብሎ ከተጻፈ ሁለተኛውን ዓመት ውሰዱ።

ከ1582 በፊት የተወለደን ሰው ግን አትቀይሩ። ጎርጎርዮስ ያኔ ስላልነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ቀኑን በዩልዮስ ይተዉታል።

በመጨረሻ በምትጽፉት ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም ቀን ከነአቆጣጠራቸው አስቀምጡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ደግሞ እንዳይጨምርበት፦ «ሜይ 26 ቀን 1799 በዩልዮስ፣ ጁን 6 ቀን 1799 በጎርጎርዮስ፣ ሰኔ 1 ቀን 1791 ዓ.ም.»።