የማስረከቢያና የመቀጫ አንቀጽ ከእንግሊዝኛ ወደ ቻይንኛ ሲተረጎም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሰሊጥ ሽያጭ ውል እንያዝ። ሻጩ አዲስ አበባ፣ ገዢው ቺንግዳኦ ነው። ዕቃው 200 ቶን፣ ቶኑ በ1,500 ዶላር፣ በድምሩ 300,000 ዶላር። እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል፦ ሻጩ ዕቃውን ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ እስከ ሰኔ 30 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያስረክባል፤ ከዘገየ ለእያንዳንዱ ሳምንት ወይም ለሳምንቱ ከፊል፣ የዘገየውን ዕቃ ዋጋ 0.5 በመቶ ይከፍላል፤ ክፍያው ከዚያው ዋጋ 5 በመቶ አይበልጥም፤ መዘግየቱ ከአሥር ሳምንት ካለፈ ገዢው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። አጭርና የተለመደ አንቀጽ ነው። ሰው የሚሳሳተውም ስለለመደው ነው።

ማስረከብን «ማድረስ» ብሎ መተርጎም

እንግሊዝኛው አንድ ቃል ይዞ ያልፋል፤ ቻይንኛው ግን ምረጥ ይልሃል። ጂያኦኹዎ ሻጩ ዕቃውን በውሉ መሠረት ማስረከቡ ነው። ሶንግኹዎ ወስዶ ማድረስ ነው፣ ሱቅ ፍሪጅህን ቤትህ ድረስ እንደሚያመጣልህ። ዳኦኹዎ ደግሞ የዕቃው መድረስ ነው። እኔ ሥራውን ስጀምር ዳኦኹዎን የጻፍኩበት ረቂቅ ነበረኝ፤ ለጆሮ ጥሩ ነበር፣ ገዢውም ደስ ብሎት አነበበው። ደስ ሊለውም ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ቃል ሰሊጡ ሰኔ 30 ቺንግዳኦ ወደብ መገኘት አለበት። በኤፍ.ኦ.ቢ. ግን ሻጩ አስረከበ የሚባለው ዕቃው ጅቡቲ ላይ ገዢው ባዘጋጀው መርከብ ሲጫን ነው። ሰኔ 26 የተጫነ ዕቃ በእንግሊዝኛው በጊዜው ርክክቡ ተፈጽሟል፤ በኔ ቻይንኛ ግን ገና ባሕር ላይ እያለ ይቀጣ ነበር። የቻይና ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 604 የጉዳት ኃላፊነትንም በመርህ ደረጃ ከርክክብ ጋር ስለሚያያይዘው ስህተቱ ከቀን ቆጠራ ያልፋል።

መፍትሔው ጂያኦኹዎን መጠቀም፣ ኤፍ.ኦ.ቢ. የሚለውንና የወደቡን ስም እንዳሉ ማስቀመጥ ነው። የውሉ ሌላ አንቀጽ የማስረከቢያውን ቀን የመርከብ ጭነት ሰነድ ከሆነው ከቢል ኦፍ ሎዲንግ ቀን ጋር ካያያዘ እሱም እዚህ ካለው ቃል ጋር መስማማት አለበት።

መቀጫውን ፋኩዋን ማለት

ፋኩዋን የትራፊክ ፖሊስ ወይም የግብር መሥሪያ ቤት የሚጥለው የገንዘብ ቅጣት ነው። ነጋዴ ነጋዴን በፋኩዋን አይቀጣም። በውል የተቀመጠው የመዘግየት ክፍያ በሕጉ ቃል ዌይዩዌጂን ይባላል። እኛም በአማርኛ ሁለቱንም «ቅጣት» እያልን ስለምንጠራ ልዩነቱ በቀላሉ ያመልጠናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የቆዩ የቻይና የገቢ ንግድ ውል ቅጾች ራሳቸው በዚህ አንቀጽ ላይ ፋኩዋን ማለታቸው ነው፤ ተርጓሚው ከነሱ ይገለብጥና «ቻይናዎቹ ራሳቸው ይሉታል» ይላል። ፍርድ ቤት ቃሉን አይቶ ብቻ አንቀጹን ይጥላል ማለቴ አይደለም። ግን ለተከራካሪ ጠበቃ ነጻ የመከራከሪያ ነጥብ ማቀበል የተርጓሚ ሥራ አይደለም።

እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ «ይህ ክፍያ የኪሣራ ግምት እንጂ ቅጣት አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። ይህ ከእንግሊዝ ሕግ ታሪክ የመጣ ነው፤ እዚያ ፍርድ ቤቶች ቅጣት የሆነን አንቀጽ አያስፈጽሙም። ቻይና ውስጥ መንገዱ ሌላ ነው። በአንቀጽ 585 መሠረት ዌይዩዌጂን ከደረሰው ኪሣራ ካነሰ በጥያቄ ሊጨመር፣ ከመጠን በላይ ከበለጠም በጥያቄ ሊቀነስ ይችላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማብራሪያ ደግሞ ከኪሣራው በ30 በመቶ ከበለጠ በአብዛኛው ከመጠን በላይ ነው ይላል። ስለዚህ ያቺን ዓረፍተ ነገር «ፋኩዋን አይደለም» ብሎ መተርጎም ትርጉም አልባ ነው፤ ማንም ፋኩዋን ነው አላለም። «የመቅጣት ባሕርይ የለውም» ማለት ይሻላል። መሰረዝ ግን አይቻልም። ቻይና ውስጥ ያን ያህል ጉልበት የላትም ብለህ ካመንክ ለደንበኛህ በማስታወሻ ጻፍለት፤ ውሉን አታስተካክልለት።

«የሳምንቱ ከፊል»ንና «ከዚያው ዋጋ»ን መጣል

ሻጩ 120 ቶኑን በጊዜው ጭኖ 80 ቶን በ16 ቀን ዘገየበት እንበል። የዘገየው ዕቃ ዋጋ 120,000 ዶላር ነው። 16 ቀን ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ስለሆነ እንደ ሦስት ሳምንት ይቆጠራል፤ 1.5 በመቶ፣ ማለትም 1,800 ዶላር። «ወይም ለሳምንቱ ከፊል» የሚለው ቢጠፋ ሁለት ሙሉ ሳምንት ብቻ ይታሰባል፣ ክፍያውም 1,200 ይሆናል። ቻይንኛው ለዚህ ዝግጁ ሐረግ አለው፦ ቡዙ ዪ ጆው ደ፣ አን ዪ ጆው ጂስዋን፤ ሳምንት ያልሞላው እንደ ሳምንት ይታሰባል። የራስህን መፍጠር አያስፈልግም።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን «የዘገየው» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቻይንኛ እንደ አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያስቀምጣል፤ «የዘገየው ዕቃ ዋጋ» ቃል በቃል ይሄዳል፣ ለእኛ ምቹ ነው። አደጋው የክፍያው ጣሪያ፣ 5 በመቶው፣ ላይ ነው። እንግሊዝኛው እዚያ ሲደርስ «ከዚያው ዋጋ» ብሎ ያሳጥራል፣ የቸኮለ ተርጓሚም «ከውሉ ዋጋ» ይለዋል። ጣሪያው ከ6,000 ወደ 15,000 ዶላር ዘለለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሙሉውን ሐረግ መድገም ነው፤ ለውበት ብለህ አታሳጥር።

ወሰን የሚያካትት ቃልና የማያካትት ቃል

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1259 ዪሻንግ፣ ማለትም «ከዚያ ጀምሮ ወደ ላይ»፣ ሲባል ቁጥሩን ራሱን እንደሚያካትት፣ ቻኦጉዎ፣ ማለትም «ካለፈ»፣ ሲባል እንደማያካትት በግልጽ ደንግጓል። «ከአሥር ሳምንት ካለፈ» ስለዚህ ቻኦጉዎ ነው። ለቀኑም «ከሰኔ 30 በፊት» ብሎ መተው ሠላሳኛው ቀን ራሱ ይግባ አይግባ ጥያቄ ይፈጥራል፤ «ከሰኔ 30 ሳይዘገይ፣ ዕለቱን ጨምሮ» ተብሎ ይጻፍ።

ማቋረጥና ማገድ

በኪቦርድ zhongzhi ብለህ ስትጽፍ 终止 እና 中止 ተከታትለው ይመጣሉ። ድምፃቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ማብቃት፣ ሁለተኛው ለጊዜው ማገድ ነው። ሲነበብ ስለማይለይ ጮክ ብሎ በማንበብ አይያዝም። በጥፋት ምክንያት ለማቋረጥ ሕጉ ራሱ የሚጠቀምበት ጂዬቹ ስላለ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ጣጣ የለውም።

ረቂቁ ሲያልቅ ቻይንኛውን ብቻ፣ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ስጥና 80 ቶኑን ይዞ ሦስት ሂሳብ እንዲሠራልህ ጠይቀው፦ በ16፣ በ70 እና በ71 ቀን መዘግየት። መልሱ 1,800፣ 6,000 እና 6,000 መሆን አለበት፤ ገዢው ውሉን ማቋረጥ የሚችለውም በሦስተኛው ብቻ ነው። በ70 ቀን ማቋረጥ ይቻላል ካለህ ዪሻንግ የሆነ ቦታ ገብታለች፤ በ16 ቀን 4,500 ካለህ ደግሞ «የዘገየው» የሚለው ጠፍቷል።