የኢንትሮፒን ለውጥ ከይዘት ልኬት ለማግኘት

ግፊት ሲጨምር የአንድ ፈሳሽ ኢንትሮፒ በምን ያህል እንደሚቀየር ማወቅ ከፈለጉ፣ ኢንትሮፒን በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ ስለሌለ፣ መነሻዎ የጊብስ ኢነርጂ ይሁን፤ ተለዋዋጮቹ በቤተ ሙከራ የምንቆጣጠራቸው T እና P ናቸውና።

dG = −S dT + V dP

ይህ ትክክለኛ ዲፈረንሻል በመሆኑ የG ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢወሰድ አንድ ነው፤ ስለዚህ −Sን በP፣ Vን ደግሞ በT ስንወስድ እኩል ይሆናሉ።

(∂S/∂P)_T = −(∂V/∂T)_P

በስተቀኝ ያለውን ለማግኘት ግፊቱን ሳይለውጡ ፈሳሹን በጥቂቱ አሙቆ የይዘቱን ለውጥ ማንበብ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመቀነስ ምልክቱ ሲሆን፣ እርሱን ለመፈተሽ ውኃን የሚያህል የለም፦ በከባቢ አየር ግፊት ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ስለሚኮማተር፣ በዚያ ክልል ግፊት ሲጨመርበት ኢንትሮፒው ከፍ ይላል፤ ከ4 ዲግሪ በላይ ግን ዝቅ ይላል።