በአራተኛው ሩብ የሚያጥር ነፃ ውርወራ፦ ከእግር የሚጀምር አወራወር

በወሎ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ የሚደረግ የቅርጫት ኳስ ጨዋታን እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በመጀመሪያው ሩብ ያለ ችግር ሲገባ የነበረው ነፃ ውርወራ በአራተኛው ሩብ የቀለበቱን ፊት እየመታ ይመለሳል። ርቀቱ ያው ነው፤ የሚከላከል ሰውም የለም። የተለወጠው የወርዋሪው እግር ነው። ጉልበቱ ደክሞ እንደ ቀድሞው አይታጠፍም፤ የጎደለውን ኃይል ክንድ ሊሞላ ሲሞክር ደግሞ አቅጣጫውን ይስታል። ስለዚህ ከእጅ በፊት እግርን እናስተካክል።

ከዚያም በፊት ሜዳውን ለኩ። የሲሚንቶ ሜዳ መስመር ሲደበዝዝ ብዙ ጊዜ በግምት ይቀባል፤ በተሳሳተ ርቀት የለመደ እጅ ሌላ ሜዳ ሲሄድ ይቸገራል። በክር ጫፍ ድንጋይ አስራችሁ ከሰሌዳው የፊት ገጽ ወደ መሬት አንጠልጥሉ። ድንጋዩ መሬት ከነካበት ቦታ እስከ ነፃ ውርወራው መስመር 4.6 ሜትር መሆን አለበት። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። መስመሩ 3.6 ሜትር ስለሚረዝም ከአንዱ ጫፍ 1.8 ሜትር ለክታችሁ መሐሉን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

በቀኝ እጃችሁ የምትወረውሩ ከሆነ የቀኝ እግራችሁን ከምልክቱ በስተኋላ፣ መስመሩን ሳትነኩ አቁሙ። ግራ እግር በትከሻ ስፋት ርቆ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። እንዲህ ሲቆም ዳሌ፣ ክርንና ቀለበት በአንድ መስመር ለመዋል ይቀላቸዋል። በግራ እጁ የሚወረውር ይህንኑ ይገልብጠው። አንዳንዱ ሰው ሰውነቱን ትንሽ ወደ ጎን ሲያዞር ይመቸዋል፤ ችግር የለውም፣ ብቻ ዛሬም ነገም ያው ይሁን። ክብደታችሁ በእግራችሁ መሐል ላይ ይረፍ። ተረከዙ ላይ የተደገፈ ሰው ኳሱን ሲለቅ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል፤ ጣቱ ላይ የቆመ ደግሞ ወደ ፊት ይወጣል። ኳሱ ቀለበቱን ከመንካቱ በፊት ወርዋሪው መስመሩን ከረገጠ ኳሱ ቢገባም ነጥቡ አይቆጠርም።

ሚዛናችሁን ያለ ኳስ ፈትኑት። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ተነሡ፣ በጣቶቻችሁ ላይ ከፍ በሉ፣ ለአፍታ ቆዩ፣ ከዚያም ተረከዛችሁን እዚያው በተነሣበት ቦታ አሳርፉ። እግራችሁ ከቦታው ከተንሸራተተ ኳስ ለመወርወር ገና ናችሁ።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። ኳሱ በጣቶች ላይ ያርፋል፤ የመዳፍ መሐል አይነካውም። የማይወረውረው እጅ ኳሱን ከጎን ይደግፋል እንጂ አይገፋም። ኳሳችሁ ወደ ጎን እየተሽከረከረ ሲሄድ ካያችሁ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ የደጋፊ እጅ አውራ ጣት ነው።

ዳኛው ኳሱን ከሰጣችሁ በኋላ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ያላችሁ ጊዜ 5 ሰከንድ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው የአሜሪካ ሊግ ተጫዋቾች 10 ሰከንድ ስላላቸው የእነሱን ረጅም ዝግጅት መቅዳት እዚህ ያስቀጣል። የእናንተ ሥርዓት አጭር መሆን አለበት፤ ደግሞም ከኳሱ በፊት ይጀምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ሩጦ የቆመ ሰው ትንፋሹ እስኪረጋ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዳኛው ኳሱን እስኪሰጣችሁ ድረስ ከመስመሩ በስተኋላ ቆማችሁ ረጅም አየር ሳቡና ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ይህ ከ5ቱ ሰከንድ አይቀነስም። የቡድን ጓደኞቻችሁ «አብሽር!» እያሉ እጃችሁን ሲመቱም የሚመቱት በዚሁ ጊዜ ይሁን። ኳሱን ስትቀበሉ ሁለት ጊዜ አንጥሩት፣ ጣቶቻችሁን በኳሱ መስመሮች ላይ አስተካክሉ፣ ዓይናችሁን ቀለበቱ ላይ ተክላችሁ ወርውሩ። የቀለበቱን የፊት ጠርዝ ወይም የኋላውን መመልከት ትችላላችሁ፤ የመረጣችሁትን ግን አትቀያይሩ።

ጉልበትና ኳስ አብረው ይነሣሉ። ጉልበቱ ተዘርግቶ ካበቃ በኋላ ክንድ ለብቻው ከጀመረ የእግሩ ኃይል ባክኗል። ኳሱ ከፍ ብሎ እንዲሄድ አድርጉ። ቀለበቱ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የወንዶች ኳስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኳሱ በ45 ዲግሪ ሲወርድ ቀለበቱ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ይጠብቀዋል። በ30 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን ክፍተቱ ከ23 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከኳሱ ያንሳል ማለት ነው። ዝቅ ብሎ የሚሄድ ኳስ ቀለበቱን ሳይመታ መግባት የማይችለው ለዚህ ነው።

ኳሱ ከጣት ሲወጣ አንጓ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ክርን ከዓይን ከፍ ብሎ ይዘረጋል፤ ጣቶች ወደ ቀለበቱ ያመለክታሉ። ኳሱ ቀለበቱ ጋ እስኪደርስ እጃችሁን እዚያው አቆዩ። የወጣውን ኳስ እጅ ሊመልሰው አይችልም፤ ታዲያ ለምን ይቆያል? አንደኛ፣ እጁን ለማቆየት ያሰበ ሰው ቀድሞ አይስበውም፤ ቀድሞ የተሳበ እጅ ኳሱን በግማሽ ይለቀዋል። ሁለተኛ፣ የቆመው እጅ የሆነውን ያሳያል። ጣቶች ወደ ግራ ካመለከቱ ኳሱም ወደ ግራ የሄደበት ምክንያት ከዓይናችሁ ፊት አለ።

እንግዲህ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አርፋ 10 ጊዜ ወረወረች እንበል። 7ቱ ገቡ፤ ከሳተቻቸው ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሄዱ። ከዚያ ሜዳውን ደጋግማ ሮጠች፤ ሳታርፍ ሌላ 10 ስትወረውር የገቡት 4 ብቻ ናቸው። ከሳተቻቸው 6 ኳሶች 5ቱ አጥረው የቀለበቱን ፊት መቱ። አሠልጣኟ «ጠንከር አድርገሽ ወርውሪ እንጂ፣ እህቴ!» ቢላት ክንዷን ታፈጥናለች፤ ያጠሩት ኳሶች ወደ ጎን መሳት ይጀምራሉ። የሚሻለው ስትደክም ጉልበቷን አርፋ በምትወረውርበት ጊዜ ከለመደችው በጥቂቱ ጨምራ እንድታጥፍ መንገር ነው። ጓደኛዋ ከጎን ቆማ ጉልበቷን ብቻ ትመልከት። መታጠፉ ተስተካክሎም ኳሱ ካጠረ፣ ጉልበቷ ተዘርግቶ ካበቃ በኋላ ኳሱ ገና ደረቷ ጋ እንዳለ ይታይ።

የጎን ስህተት ግን ሌላ ነው። እየተፈራረቀ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚሄድ ኳስ የደጋፊ እጅ ወይም የሚንከራተት ክርን ምልክት ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ የእግራችሁን አቀማመጥ ከጠመኔው ምልክት ጋር አስተያዩ። በነፋስ ቀን የተገኘ ውጤት ላይ ተመሥርታችሁ አወራወራችሁን አትቀይሩ።

ልምምዱን ሁለት ሁለት አድርጉት፤ በጨዋታ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ውርወራ ነውና። ሁለት ወርውሩ፣ ከመስመሩ ውጡ፣ ሜዳውን ሮጣችሁ ተመለሱ፣ ትንፋሹን ጨምሮ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ጓደኛችሁ በደብተር ላይ «ገባ»፣ «አጠረ»፣ «ረዘመ»፣ «ቀኝ» ወይም «ግራ» እያለ ይመዝግብ፤ አርፋችሁ የወረወራችሁትንና ሮጣችሁ የወረወራችሁትን በተለያየ ገጽ ላይ።