ሱቃችሁ ክፍት ሆኖ ካርታው «ዝግ ነው» እንዳይል፦ ጉግል ማፕ ላይ ስትመዘገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉግል ማፕ ላይ ሱቅ ማስገባት ነጻ ነው። ስልክና የጂሜይል አካውንት ያለው ሰው ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ችግሩ ፎርሙ የእኛን አገር አስቦ አልተሠራም። ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፣ ቀን የሚጠይቀው በፈረንጅ ካላንደር ነው፣ አድራሻ ሲል ደግሞ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላይ የማያቸው አብዛኞቹ የተበላሹ ምዝገባዎች ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ የተሰናከሉ ናቸው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሱቅ እናስብ። ገርጂ ውስጥ፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች የሐበሻ ቀሚስ ስፌት ቤት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ትሠራለች። የቀሚሶቹ ፎቶና ዋጋ ያለበት ዌብሳይትም አላት።

ሰዓቱን እንደምንናገረው መሙላት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባለቤቷ «ከሁለት እስከ ሁለት» ብላ ታስብና 2:00 AM እስከ 2:00 PM ብላ ትሞላለች። ጠዋት AM፣ ከሰዓት PM ስለሆነ ትክክል ይመስላል። ካርታው ግን የተረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንዲት ደንበኛ ከመገናኛ ሆና ስትፈልግ፣ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ በቀይ Closed የሚል ታያለች፤ ሌላ ቤት ትሄዳለች፣ መደወልም አያስፈልጋትም። በየቀኑ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 2፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ያውም ሰው ከሥራ ወጥቶ ልብስ ሊለካ የሚመጣበት ሰዓት፣ ካርታው ላይ ሱቁ ተዘግቷል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ክፍት ነው ይላል። የዚህ ስህተት ክፋቱ ጠዋት ላይ አለመታወቁ ነው። ባለቤቷ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኳን ከፍታ ብታይ Open ይላታል፣ ደስ ብሏት ትተወዋለች።

ትክክለኛው 8:00 AM እስከ 8:00 PM ነው። በእኛ ሰዓት ላይ ስድስት ደምሩ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፣ ከዚያ AM እና PMን ለብቻ አጣሩ። እኩለ ሌሊት 12:00 AM ነው፣ የቀኑ 6 ሰዓት ደግሞ 12:00 PM። ከንጋቱ 12 እስከ ማታው 12 የሚሠራ ዳቦ ቤት 12:00 AM እስከ 12:00 PM ብሎ ከሞላ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ክፍት ነኝ ማለቱ ነው። የእሱ መልስ 6:00 AM እስከ 6:00 PM ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በሌላ ሰው ስልክ ሱቃችሁን ፈልጉና ምን እንደሚል እዩ።

ምሽት የሚሠራ ቤት ካላችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ለሁለት አትቁረጡት። አርብ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 የሚሠራ ቤት፣ አርብ የሚለው መስመር ላይ 6:00 PM እስከ 2:00 AM ብሎ ሙሉውን ይጽፋል። በቀን መሃል የሚዘጉም መፍትሔ አላቸው። ለጁምዓ ከቀኑ 6 እስከ 8 የሚዘጋ ሱቅ፣ አርብ ላይ ሁለት ረድፍ ያስገባል፦ 8:00 AM እስከ 12:00 PM፣ ከዚያ 2:00 PM እስከ 8:00 PM። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው «ካርታው ክፍት ነው ብሎኝ መጥቼ ተዘግቶ አገኘሁት» የሚል አንድ ኮከብ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዌብሳይታችሁ ላይ ያለው ሰዓትም መስተካከል አለበት። ጉግል ከዌብሳይት ላይ መረጃ ያነባል፣ የሰጣችሁት ሰዓት የተሳሳተ ከመሰለውም ራሱ ሊቀይረው ይችላል። ዌብሳይቱ ላይ «2:00–2:00» ብሎ መተው ማሽኑንም፣ ለሠርግ ልብስ ከአሜሪካ ሆና የምታይ ደንበኛንም ግራ ማጋባት ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ 8:00 AM – 8:00 PM» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉት፣ ያልቃል።

የበዓል ቀንን መርሳት፣ ወይም በተሳሳተ ቀን መዝጋት

ለበዓል ሲባል መደበኛውን ሰዓት መነካካት አያስፈልግም። Special hours የሚል ለብቻው ክፍል አለ፤ ቀኑን መርጣችሁ ዝግ ነው ወይም እስከዚህ ሰዓት ነው ትላላችሁ፣ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መደበኛውን የሚቀይሩ ሰዎች ግን ከበዓል በኋላ መመለሱን ይረሱታል፣ ሱቁም ለሳምንታት ዝግ ሆኖ ይቀራል።

የቀን መምረጫው የፈረንጅ ካላንደር ስለሆነ ቀኑን መቀየር የእናንተ ሥራ ነው። ገና ሁሌም January 7 ላይ ይውላል። እንቁጣጣሽ ግን ይንሸራተታል፤ ብዙውን ጊዜ September 11 ነው፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት September 12 ይሆናል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው September 12 ቀን 2027 ላይ ነው። ፋሲካና የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ስለሚለያዩ እነሱን አስቀድማችሁ አትሙሉ፣ ሲቃረብ ሙሉ።

ፒኑን ጉግል በጣለበት መተው

«Gerji, Addis Ababa» ብላችሁ ስትጽፉ ጉግል የት መንገድ፣ ስንት ቁጥር የሚለውን ስለማያገኝ ፒኑን፣ ማለትም ሱቁ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት፣ ሰፈሩ መሃል አንድ ቦታ ላይ ይጥለዋል። ብዙ ሰው እዚያው ትቶት ይሄዳል። ደንበኛው ካርታውን ተከትሎ ሲመጣ የሰው ግቢ በር ላይ ይቆምና «አንተ የታለህ?» ብሎ ይደውላል። የደወለው ደግ ነው፣ ሌላው ተመልሶ ይሄዳል።

የሳተላይቱን ምስል ክፈቱ፣ ጣሪያው እስኪታያችሁ አቅርቡ፣ ፒኑን በእጃችሁ ጎትታችሁ በራሱ ሕንጻው ላይ፣ መግቢያው ባለበት በኩል አስቀምጡት። የሕንጻው ስም፣ ፎቅና የቢሮ ቁጥር አድራሻው ላይ ይግባ። «ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ፣ ከባንኩ ጎን» የሚለው እኛ የምንግባባበት አድራሻ ቦታው መግለጫው ውስጥ ነው። እስከ 750 ፊደል ይይዛል፣ ይበቃችኋል። ፒኑ በትክክል ከገባ በኋላ ካርታው ፕላስ ኮድ የሚባል በመሃሉ የ+ ምልክት ያለበት አጭር ኮድ ይሰጣችኋል። እሱን ዌብሳይታችሁ ላይና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት፤ ደንበኛው ጉግል ማፕ ላይ ሲጽፈው ፒናችሁ አጠገብ ያወጣዋል።

በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳም ሆነ ከሌላ ሰፈር ቦታ የቀየራችሁ ሰዎች፣ አሮጌውን Permanently closed ብላችሁ አዲስ አትክፈቱ። ያንኑ አድራሻውን አስተካክሉ። ለዓመታት የሰበሰባችሁት ኮከብና አስተያየት ያለው እዚያው ላይ ነው። እንደገና ማረጋገጫ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ይጠይቀኛል ብላችሁ ተዘጋጁ። ማረጋገጫው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ የሚቀረጽ ቪዲዮ ነው። ሰዎች የሚወድቁት ውስጡን ብቻ ስለሚቀርጹ ነው። ውጭ መንገዱንና ታፔላውን ጀምሩ፣ ሳታቆራርጡ ግቡ፣ ማሽኑንና ዕቃውን አሳዩ፣ ከዚያ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ ወይም የንግድ ፈቃዱን አሳዩ፤ ቤቱ የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

ስሙ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ

ታፔላው ላይ ያለውን ስም ብቻ ጻፉ። «ምርጥ የሐበሻ ቀሚስ በቅናሽ ዋጋ ገርጂ» የሚል ጭራ፣ ስልክ ቁጥርም ቢሆን፣ የጉግልን ደንብ ይጥሳል፤ ምዝገባውም ሊታገድ ይችላል። ሰው «ልብስ ሰፊ» ብሎ ሲፈልግ እንድትወጡ የሚረዳው የሥራ ዘርፉ ነው። አንድ ዋና ዘርፍ ትመርጣላችሁ፣ እስከ ዘጠኝ ደግሞ መጨመር ይቻላል። የእኛዋ ስፌት ቤት ዋናውን Tailor ብታደርገውና አንድ ሁለት ብትጨምርበት ይበቃታል። ዘጠኙንም መሙላት ግዴታ አይደለም።

የዌብሳይት ቦታው ላይ የማይከፈት ወይም የማይገባ ሊንክ

ጉግል ራሱ በነጻ ይሠራው የነበረው፣ በ business.site የሚያልቀው ዌብሳይት በ2024 ተዘግቷል። እስካሁን ያንን ሊንክ ያልቀየሩ ቤቶች አሉ፤ ደንበኛው ይነካዋል፣ ምንም አይመጣም። የዶሜይን ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ የሞተ ሊንክም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው፣ የዌብሳይት ቦታው ላይ የፌስቡክ ወይም የቲክቶክ ገጽ ማስገባት ነው። ለእነሱ ለብቻው የማኅበራዊ ሚዲያ ሊንክ ማስገቢያ አለ። ዌብሳይት ያላት ስፌት ቤታችን ዌብሳይቷን ታስገባ፣ ያውም ቀጥታ ዋጋና ፎቶ ያለበትን ገጽ። ቅርንጫፍ ያላችሁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ገጽ ስጡት፣ የገርጂውን የከፈተ ሰው የሳሪስን ስልክ እንዳያገኝ።

አካውንቱ የማን ነው?

ይሄ በኋላ ነው የሚያስለቅሰው። ምዝገባውን የሠራው የእህት ልጅ ነው፣ ወይም ሱቅ ውስጥ የነበረ ልጅ፣ በራሱ ጂሜይል። ልጁ ዱባይ ሄደ፣ ወይም ሥራ ለቀቀ። ሰዓት መቀየር የሚችል ሰው የለም። ጉግል የሚልከው ኢሜይል ሁሉ የሚገባው ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ማንኛውም መንገደኛ Suggest an edit ብሎ የእናንተ ሰዓት እንዲቀየር መጠቆም ወይም «ይህ ቤት ተዘግቷል» ማለት ይችላል፤ ጉግል ከተቀበለው ለውጡ ይወጣል።

ከመጀመሪያው ለሱቁ የተለየ ጂሜይል ክፈቱ፣ ዋና ባለቤት እሱ ይሁን፣ ለልጁ ደግሞ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ብቻ ስጡት። ነገሩ ካመለጣችሁ ሁለተኛ ምዝገባ አትክፈቱ፤ አንድ ሱቅ ሁለት ቦታ ይወጣና ደንበኛው የትኛው ሰዓት እውነት እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ ለልጁ ደውሉለት፣ ካለበት ሆኖ ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይችላል። ካልተገኘ business.google.com ላይ ገብታችሁ ሱቁን ፈልጉና Request access በሉ። ጥያቄው ለልጁ ኢሜይል ይደርሰዋል፣ ለመመለስም ሦስት ቀን አለው። መልስ ሳይሰጥ ካለፈ፣ ራሳችሁ አረጋግጣችሁ የምትረከቡበት አማራጭ ሊመጣላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ቪዲዮውን ለመቅረጽ ታፔላውና ፈቃዱ ዝግጁ ይሁኑ፣ ስትረከቡም መጀመሪያ የምታዩት ሰዓቱን ይሁን።