ዛይትሴቭን ተከትላችሁ መልሱ ሲሳሳት፦ የE2 ችግርና መፍትሄ በሳይክሎሄክሴን ላይ

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጥያቄው ሜንቲል ክሎራይድ ይሰጣል። ቤዙ ሶዲየም ኢቶክሳይድ፣ ሟሟው ኢታኖል ነው። ተማሪው ምላሹ E2 መሆኑን በትክክል ይለያል። ቀጥሎ የዛይትሴቭ ሕግ ትዝ ይለዋል፤ ድርብ ቦንዱን ብዙ ካርበን ወደተያያዘበት ጎን ያደርግና 3-ሜንቲን ብሎ ይጽፋል። መልሱ ግን ስህተት ነው። የሚገኘው 2-ሜንቲን ብቻ ነው። «በብዛት» ሳይሆን «ብቻ» ማለቴን ልብ በሉ።

አራት ኪሎ አካባቢ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። እንደዚህ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ስህተት የለም። ሌሎቹን ወደ መጨረሻው ባጭሩ እነካቸዋለሁ። ይሄንን ግን ቀስ ብለን እንየው።

ምክንያቱ

E2 የሚያልቀው በአንድ እርምጃ ነው። ቤዙ ሃይድሮጅኑን ሲወስድ፣ ድርብ ቦንዱ ሲሠራና ሊቪንግ ግሩፑ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ሃይድሮጅኑን ከካርበኑ ጋር ይዘውት የነበሩት ሁለት ኤሌክትሮኖች የሚገቡበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ያ ቦታ የካርበን–ክሎሪን ቦንድ አንቲቦንዲንግ ኦርቢታል ነው። የዚህ ኦርቢታል አንዱ ጫፍ ከክሎሪኑ በተቃራኒ፣ ከካርበኑ ጀርባ ወጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ በደንብ የሚገጥሙት የካርበን–ሃይድሮጅን ቦንዱ ከካርበን–ክሎሪን ቦንዱ ጋር በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ሆኖ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲቆም ነው። አንቲ-ፔሪፕላናር የሚባለው ይሄ ነው፤ በሁለቱ ቦንዶች መካከል ያለው የዳይሄድራል አንግል 180 ዲግሪ ነው።

ቀጥ ባለ ሰንሰለት ላይ ይሄ ችግር አይደለም። ቦንዱ ይዞራል፣ አንግሉ ይገኛል። ቀለበት ላይ ግን እንደልብ መዞር የለም። በወንበር ቅርጽ ላይ በጎረቤት ካርበኖች መካከል ለክሎሪንና ለሃይድሮጅን 180 ዲግሪ የሚሰጠው አንድ አቀማመጥ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አክሲያል ሆነው አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሲቆሙ።

ክሎሪኑ ኢኳቶሪያል ከሆነስ? ከጎረቤት ሃይድሮጅኖች ሁሉ ጋር ያለው አንግል ወደ 60 ዲግሪ ነው። በ180 ዲግሪ የሚቆመው የቀለበቱ የራሱ የካርበን–ካርበን ቦንድ ነው። ቤዙ ደግሞ ያንን መንጠቅ አይችልም። ኢኳቶሪያል ክሎሪን ያለበትን ወንበር ስላችሁ በዚያው ላይ ቀስት ከጀመራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ዋጋ የለውም።

መፍትሄው፣ በሜንቲል ክሎራይድ ላይ

ቁጥሮቹን እንስጥ። ሜቲሉ ካርበን 1 ላይ፣ ክሎሪኑ ካርበን 3 ላይ፣ አይሶፕሮፒሉ ካርበን 4 ላይ ነው። ስለዚህ የክሎሪኑ ጎረቤቶች ካርበን 2 እና ካርበን 4 ናቸው። ድርብ ቦንዱ ወደ 4 ከሄደ 3-ሜንቲን፣ ወደ 2 ከሄደ 2-ሜንቲን ይሆናል።

ሜንቲል ክሎራይድ ሲያርፍ ሦስቱም ቡድኖች ኢኳቶሪያል ናቸው። ሞለኪዩሉ በጣም የተመቸው እዚህ ነው፣ ግን እዚህ ሆኖ E2 አይሠራም። ክሎሪኑ አክሲያል እንዲሆን ወንበሩ መገልበጥ አለበት። ሲገለበጥ ደግሞ ክሎሪኑ ብቻውን አይሄድም፤ ሦስቱም አክሲያል ይሆናሉ።

አሁን ተረጋግታችሁ ሳሉት። ካርበን 3 ላይ ክሎሪኑ አክሲያል ሆኖ ወደ ላይ ቆሟል እንበል። አሁን ካርበን 4ን እዩ። ወደ ታች ያለው አክሲያል ቦታ ተይዟል፤ አይሶፕሮፒሉ እዚያ ነው። የካርበን 4 ብቸኛ ሃይድሮጅን ኢኳቶሪያል ላይ ቀርቷል፣ በ60 ዲግሪ። ስለዚህ ወደዚያ በኩል መንገዱ ዝግ ነው። ካርበን 2ን እዩ። ሁለት ሃይድሮጅን አለው፤ አንዱ አክሲያል ሆኖ ወደ ታች ቆሟል። 180 ዲግሪው ተገኘ። ቤዙ የሚወስደው እሱን ነው፣ ምርቱም 2-ሜንቲን ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ጋ አልዋጥልህ ብሎት፣ «ቲቸር፣ 3-ሜንቲን እኮ የበለጠ የተረጋጋ ነው» እያለ ተከራከረኝ። ልክ ነው፣ የበለጠ የተረጋጋ ነው። ግን የዛይትሴቭ ሕግ የሚሠራው ከሁለቱም ጎን የሚወሰድ ሃይድሮጅን ሲኖር ነው። ከአንዱ ጎን ከሌለ የሚመረጥ ነገር የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ወንበሩ፣ ቀጥሎ አክሲያል ሃይድሮጅን ፍለጋ፣ ዛይትሴቭ ከዚያ በኋላ ነው።

ለማወዳደር ኒዮሜንቲል ክሎራይድን ሳሉ። ልዩነቱ የክሎሪኑ አቅጣጫ ብቻ ነው። እዚህ ሜቲሉና አይሶፕሮፒሉ ኢኳቶሪያል ሆነው ሲያርፉ ክሎሪኑ አክሲያል ነው። መገልበጥ አያስፈልግም። ካርበን 2 ላይም ካርበን 4 ላይም አክሲያል ሃይድሮጅን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አሁን ምርጫ አለ፣ ዛይትሴቭም ይናገራል፦ በግምት 78 በመቶ 3-ሜንቲን፣ 22 በመቶ 2-ሜንቲን። ፍጥነቱም ከሜንቲል ክሎራይድ 200 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ምላሽ ላይ ሂዩዝና ኢንጎልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ጥናት በ1953 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ፍጥነቱ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል። «ሜንቲል የሚዘገየው ወንበሩ ለመገልበጥ ጊዜ ስለሚፈጅበት ነው» ይሉኛል። አይደለም። ተራ ሳይክሎሄክሴን በክፍል ሙቀት በሴኮንድ ወደ 100,000 ጊዜ ይገለበጣል። መገልበጡ ፈጣን ነው፤ ችግሩ ተገልብጦ የሚገኘው ሞለኪዩል ማነሱ ነው። ሦስቱ ቡድኖች አክሲያል ሲሆኑ ሜቲሉና ክሎሪኑ በአንድ ወገን ፊት ለፊት ይጋፋሉ፤ አይሶፕሮፒሉም በሌላው ወገን ካሉት አክሲያል ሃይድሮጅኖች ጋር ይጋጫል። በየትኛውም ቅጽበት ብትቆጥሩ በዚያ ቅርጽ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው፣ E2 የሚሠራው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ወንበሩ ራሱ ሲበላሽ

ሕጉን አውቀውት የሚሳሳቱም አሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሥዕሉ ነው።

ዋነኛው ይሄ ነው፦ ወንበሩን ሲገለብጡ «ላይ» የነበረውን «ታች» ያደርጉታል። በፍጹም። በመገልበጥ አክሲያሉ ኢኳቶሪያል ይሆናል፣ ኢኳቶሪያሉ አክሲያል ይሆናል። ላይ የነበረው ግን ላይ፣ ታች የነበረው ታች ይቀራል። ይህን ካበላሻችሁ ሲስ ትራንስ ይሆንባችኋል፤ የተሰጣችሁን ትታችሁ ሌላ ሞለኪዩል እየሠራችሁ ነው። እኔ የማስደርጋቸው ይህን ነው፦ ከመገልበጣቸው በፊት በእያንዳንዱ ቡድን አጠገብ «ላ» ወይም «ታ» ይጽፋሉ። ከገለበጡ በኋላ ፊደሎቹን ያመሳክራሉ። አንዱ እንኳ ከተለወጠ ሥዕሉ ይሰረዛል፣ እንደገና ይሳላል።

ሁለተኛው ክሎሪኑን ብቻ አክሲያል አድርጎ ሌሎቹን ባሉበት መተው ነው። ሜንቲልን እንዲህ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ኒዮሜንቲልን ሠርቷል፣ መልሱም 3-ሜንቲን ይወጣለታል። የተሳሳተ ወረቀት ሳይ መጀመሪያ የምፈትሸው ይሄንን ነው።

ሃንድአውቱንም አትመኑ። ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ ከዚያም ላይ ሌላ ኮፒ ሲነሳ የተቆራረጠው መስመር ይደፈንና ወፍራሙን ይመስላል። አንድ ጊዜ የጥናት ቡድኑ በሙሉ 78 እና 22 ብሎ መጣ። ሁሉም ተመሳሳይ ስህተት ሲሠሩ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝና ወረቀቱን አየሁት። የክሎሪኑ መስመር ተደፍኖ ጥያቄው ራሱ ኒዮሜንቲል ሆኗል። ልጆቹ የሠሩት ለተሰጣቸው ሥዕል ልክ ነበር። ይህን ወረቀት ሳያዩ እያባዙ ማደል ያናድዳል፤ አንድ መስመር በእስክሪብቶ ማስተካከል ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ስሙና ሥዕሉ ካልተስማሙ ጠይቁ።

መገጣጠሚያው የላላ ርካሽ የፕላስቲክ ሞዴልም እንዲሁ ነው። ቀዳዳው ስለሰፋ አክሲያሉ ያዘነብላል፤ 180 ዲግሪው 150 ይመስላል፣ 60ውም ይሳሳታል። አንግል ለመለካት አትጠቀሙበት። በወረቀት ስትስሉም አክሲያል መስመር ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ላይ–ታች እያለ ይፈራረቅ። ያዘመመ አክሲያል ኢኳቶሪያል ይመስላችኋል።

ሌሎቹ ባጭሩ

ላቦራቶሪ ውስጥ ሜንቲል ክሎራይድ ሁለቱንም ሜንቲኖች ከሰጣችሁ፣ ቤዛችሁን እዩ። ቤዙ ቀጭን ከሆነና ኢታኖሉ ውሃ ካለበት ክሎሪኑ ቀድሞ ይወጣል፣ ካርቦካታዮን ይሠራል፤ ያ E1 ነው፣ አንቲ-ፔሪፕላናርም አይጠይቅም። እንዲያውም ያኔ 3-ሜንቲኑ ይበዛል። መፍትሄው ጠንከር ያለ የኢቶክሳይድ መጠንና ደረቅ ኢታኖል ነው።

ቀለበቱ ላይ ተርት-ቡቲል ካለ መገልበጡን ጭራሽ አትቁጠሩበት ማለት ይቻላል፤ እሱ ኢኳቶሪያሉን አይለቅም። ለዚህ ነው ሲስ-1-ብሮሞ-4-ተርት-ቡቲልሳይክሎሄክሴን ቶሎ ሲሠራ ትራንሱ እጅግ የሚዘገየው።

ሄክሳክሎሮሳይክሎሄክሴን ከመጣ የቤታውን አይሶመር ለዩ። ስድስቱም ክሎሪኖች ኢኳቶሪያል ናቸው። ገልብጣችሁ ሁሉንም አክሲያል ብታደርጓቸው እንኳ ከእያንዳንዱ ክሎሪን በተቃራኒ የሚቆመው ሌላ ክሎሪን ነው፣ ሃይድሮጅን አይደለም። ከሌሎቹ አይሶመሮች በሺዎች እጥፍ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ራሳችሁን ለመፈተሽ ትራንስ-1-ብሮሞ-2-ሜቲልሳይክሎሄክሴንን በጠንካራ ቤዝ ሥሩት። 1-ሜቲልሳይክሎሄክሲን ከጻፋችሁ ወደ «ላ» እና «ታ» ተመለሱ። የሚወጣው 3-ሜቲልሳይክሎሄክሲን ነው፤ ሜቲሉ ያለበት ካርበን አክሲያል ቦታው በራሱ በሜቲሉ ተይዟል።